«ኢሹሩ አልመጣም» ሲሉን ምን ብለን እንመልስ?

ለልምምድ በሮቫ ዩድ ዛይን ከቤተሰቦች ጋር የምትሠሩ፣ የመጀመሪያው መልእክት እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፦ «እንዴት ዋልሽ ልጄ፣ ከቢቱዋህ ለኡሚ ኢሹሩ አልመጣም። ቶሩን ቢጡል ላድርገው?»

አጥንቱ አማርኛ ነው። ዕብራይስጡ የቢሮ ቃላት ብቻ ሲሆን «ቢጡል» እንኳ «ላድርገው» ላይ ተደግፎ ነው የገባው። የቋንቋ ተመራማሪዋ ካሮል ማየርስ-ስኮተን ዓረፍተ ነገሩን የሚሸከመውን ቋንቋ ማትሪክስ ቋንቋ ትለዋለች። መልሳችንም በዚያው ቋንቋ ይቁም።

ሙሉ ዕብራይስጥ ከመለስን እናቲቱ የሚያነብላቸው ልጅ መፈለግ አለባቸው፤ የግል ጉዳያቸውም በልጅ አፍ ያልፋል። «ቶር»ን «ቀጠሮ»፣ ቢቱዋህ ለኡሚን «ብሔራዊ መድን» ብለን ብናጠራውም አይረዳም። ደብዳቤው ላይ ያለው፣ ጸሐፊዋም የምትጠይቃቸው ዕብራይስጡን ነው። እሳቸው ያልተጠቀሙበትን የዕብራይስጥ ቃል ግን አንጨምር።

መከተል የማይበቃበት ቦታ «ኢሹር» ነው። በዕብራይስጥ ወረቀቱም ፈቃዱም ኢሹር ይባላል፤ ጥያቄው ጸድቆ ወረቀቱ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦ «ደህና ነኝ እናቴ፣ እርስዎስ? ቶሩን አሁን ቢጡል አያድርጉት። ኢሹሩ አልመጣም ያሉኝ ወረቀቱ ነው ወይስ ገና አልፈቀዱልዎትም?»

ሰላምታው ይቅደም፣ «እርስዎ»ም አይቅር፤ ዕብራይስጡ «አት» ብቻ ስላለው ሲደባለቅ «አንቺ» ሊያመልጠን ይችላል። በድምፅ ከላኩ በድምፅ መልሱ። «እሺ» ብቻ ካሉ ግን አልገባቸው ይሆናልና ደውሉ።