የጥምቀት ማስታወቂያ ሒሳብ በአንድ ገጽ

መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት ጥምቀት ለጎንደር ሆቴሎች ትልቅ ገበያ ነው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከመዝገብ በሰፈረ ጊዜ የፋሲል መዋኛ ስም ይበልጥ ርቆ ተሰማ። ችግሩ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ባለሆቴሉ «ለማስታወቂያ ያወጣሁት ገንዘብ ምን አመጣልኝ?» ብሎ ሲጠይቅ የሽያጭ ክፍሉ የስልክ መዝገብ፣ የፌስቡክ ቁጥርና የደላላ ደረሰኝ ቆልሎ ያቀርብለታል። ሥራ የሚበዛበት ሰው ደግሞ ያንን ሁሉ አያነብም። የሚያስፈልገው ሦስት ግኝትና አንድ ውሳኔ የያዘ አንድ ገጽ ነው።

ለማሳያ ያህል ፒያሳ ላይ 40 ክፍል ያለው አንድ ሆቴል ይታሰብ። ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 ባሉት 30 ቀናት 120,000 ብር አውጥቷል። ከዚህ ውስጥ 60,000 ለሬዲዮ፣ 24,000 ለፌስቡክ፣ 36,000 ደግሞ እንግዳ ላመጡ አስጎብኚዎችና ደላሎች ኮሚሽን የተከፈለ ነው። የሽያጭ ክፍሉ «140 ቦታ ተይዟል» ይላል።

የመጀመሪያው ሥራ ይህን 140 ማጥራት ነው። የእንግዳ መቀበያው መዝገብ ከደላሎቹ ዝርዝር ጋር በስምና በቀን ሲመሳከር 22ቱ ሁለት ጊዜ የተጻፉ ሆነው ይገኛሉ። 18ቱ ደግሞ የሰረዙ ወይም ሳይመጡ የቀሩ ናቸው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው መጥተው ባደሩት 100 ነው። የፌስቡክ «ላይክ» እና የስልክ ጥሪ ብዛት እዚህ አይገባም፤ አልጋ አልያዘምና።

ሁለተኛው ሥራ ወጪውን ለመጡት ማካፈል ነው። እንግዶቹ ሲመዘገቡ ከየት እንደሰሙ ሲጠየቁ 20ዎቹ ከሬዲዮ፣ 30ዎቹ ከፌስቡክ፣ 40ዎቹ በደላላ እንደመጡ ተናግረዋል። 10ሩ አልተጠየቁም። በዚህ መሠረት አንድ የሬዲዮ እንግዳ 3,000፣ የፌስቡኩ 800፣ የደላላው 900 ብር ወጥቶበታል። አንድ እንግዳ በአማካይ ሁለት ሌሊት አድሮ ከቁርስ፣ ከጽዳትና ከግብር በኋላ የሚተርፈው 1,800 ብር ከሆነ ሬዲዮው ኪሳራ ነው። ያልተጠየቁት 10ሩ ሁሉ ለሬዲዮ ቢሰጡ እንኳ ወጪው 2,000 ይሆናል፤ ፍርዱ አይለወጥም። እንዲህ ያለው ፍተሻ ባለሆቴሉ «መዝገባችሁ ጎዶሎ ነው» ብሎ እንዳይጥለው ይረዳል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ፣ ማለትም ጥር 10፣ 11 እና 12፣ ሆቴሉ ባለፈው ዓመት ያለ ማስታወቂያም ሞልቶ ነበር። ለእነዚህ ሌሊቶች የተከፈለ ኮሚሽን በራሱ ለሚሞላ ክፍል የተከፈለ ነው። ከደላሎቹ 40 እንግዶች 26ቱ የመጡት በነዚሁ ቀናት ስለሆነ በ900 ብር ሲሰላ 23,400 ብር ይሆናል። ዓመቱን ከዓመት ማወዳደር የሚቻለው ግን በሁለቱም መንገዱ ክፍት ከነበረና የክፍሉ ዋጋ ብዙ ካልተለወጠ ነው። ይህ ካልተጣራ ንጽጽሩ ያሳስታል።

ገጹ እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦

ለሥራ አስኪያጅ

ውሳኔ የሚጠየቅበት፦ የመጪው ጥምቀት ማስታወቂያ፤ እስከ ኅዳር 30።

1. ተያዘ ከተባለው 140 መጥቶ ያደረው 100 ነው።

2. የሬዲዮ እንግዳ 3,000 ብር ወጥቶበት 1,800 ብር ያስገኛል።

3. 23,400 ብር ኮሚሽን የተከፈለው በራሳቸው ለሚሞሉ ሦስት ሌሊቶች ነው።

የውሳኔ ሐሳብ፦ የሬዲዮው 60,000 ይቅር። ከጥር 10 እስከ 12 ኮሚሽን አይከፈል፤ በሌሎቹ ቀናት ግን ከ900 ወደ 1,200 ብር ከፍ ይበል።

ስጋት፦ ደላሎቹ ቅር ተሰኝተው እንግዳ ወደ ሌላ ሆቴል ሊመሩ ይችላሉ። ዘንድሮ ከበዓሉ ቀናት ውጪ 14 እንግዶች አምጥተዋል። በመጪው ዓመት ቁጥሩ ከዚህ ካነሰ ውሳኔው ይታይ።

ኮሚሽኑ በሌሎቹ ቀናት ከፍ እንዲል የተጠየቀው ለዚሁ ስጋት ነው። ጭማሪው ለ14 እንግዶች 4,200 ብር ብቻ ሲሆን፣ ከሬዲዮና ከበዓሉ ኮሚሽን የሚቀረው 83,400 ነው። ደላላው በበዓሉ ያጣውን በከፊል በሌላው ቀን ያገኛል፤ ሆቴሉም ባዶ የሚያድሩትን ክፍሎች የሚሞላለት ሰው አያጣም።

መዝገቦቹ ግን አይጣሉም። ባለሆቴሉ «23,400 ከየት መጣ?» ብሎ ከጠየቀ ደረሰኞቹ በቀን ተደርድረው ከገጹ ጀርባ ሊገኙ ይገባል።