ድምር ሲያሳስት

በአንድ ቤት ሕመም ሲገባ «ወደ የትኛው ሆስፒታል እንውሰደው?» የሚለው ጥያቄ ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም። በቁጥር ተመርቶ ምክር የሚሰጥ ሰው ግን ቁጥር ራሱ እንዴት እንደሚያሳስት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

እውነተኛ መዝገብ ያልሆነ፥ ለትምህርት ብቻ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሆስፒታል በደሴ፥ ሌላው በኮምቦልቻ አለ እንበል። እያንዳንዱ 100 ሕሙማንን ተቀበለ፤ ከደሴው 67፥ ከኮምቦልቻው 82 ሰዎች ዳኑ። ይህን የሰማ ሰው ሕመምተኛውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርድ አያስደንቅም።

አሁን ሕሙማኑን ሲገቡ በነበሩበት ሁኔታ እንለያቸው። ደሴ ከተቀበላቸው 80ዎቹ ሕመም የጸናባቸው ነበሩ፤ ከእነዚህ 48ቱ፥ ማለት ከመቶ 60 ዳኑ። ቀላል ሕመም ከነበረባቸው 20 ሰዎች ደግሞ 19ኙ፥ ማለት ከመቶ 95 ዳኑ። በኮምቦልቻ ሕመም የጸናባቸው 20 ብቻ ሲሆኑ 10ሩ፥ ማለት ከመቶ 50 ዳኑ። ቀላል ሕመም ከነበረባቸው 80 ሰዎች 72ቱ፥ ማለት ከመቶ 90 ዳኑ። እንግዲህ ለጽኑውም ለቀላሉም ሕመም የተሻለው ደሴ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

ምክንያቱ ከሕክምናው ሳይሆን ከሕሙማኑ ስብጥር ነው። በየጤና ጣቢያው ያቃተው ሕመም በሪፈር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካልና፥ ከባዱን ሸክም የተቀበለው ሆስፒታል በድምሩ ደካማ ይመስላል። ለሁለቱም እኩል 100 ጽኑና 100 ቀላል ሕሙማን ቢሰጧቸውና የመዳኑ መጠን ባይለወጥ፥ ከ200ው በደሴ 155፥ በኮምቦልቻ 140 ይድኑ ነበር።

ይህ ነገር ብሪታንያዊው ኤድዋርድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ጻፈበት በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ በታተመ የኩላሊት ጠጠር ጥናትም በእውን ታይቷል። ሰውነትን ከፍቶ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በድምሩ ከመቶ 78፥ በትንሽ ቀዳዳ የሚደረገው ከመቶ 83 ተሳካ። ጠጠሩ በትንሽና በትልቅ ሲለይ ግን በሁለቱም የተሻለው የፊተኛው ነበር፤ ትልልቁ ጠጠር በብዛት ለእርሱ ተሰጥቶ ነበርና።

ሆኖም መከፋፈል ሁሉ ትክክል አይደለም። ክፍፍሉ ሕመምተኛው ሲገባ በነበረበት ሁኔታ መሆን አለበት። በሆስፒታሉ ውስጥ ከሕክምናው በኋላ የባሰበትን «ጽኑ» ብለን ብንለየው፥ የሆስፒታሉን ጥፋት በሕመምተኛው ላይ እንጭናለን።

ስለዚህ «ይህ ሆስፒታል ብዙ ሰው ያድናል» ሲባል ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ወደዚያ የሚገቡት እነማን ናቸው? የእኛ ሕመምተኛስ ከየትኛው ወገን ነው? ይህን ሳይጠይቅ በድምሩ ብቻ የሚመክር፥ ሕመም የጸናበትን ወንድሙን የመዳን ተስፋው ወደሚያንስበት ስፍራ ሊሰደው ይችላል፤ ከባዱን የተሸከመውንም ሐኪም ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል።