ገንዘብ ይመለሳል ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ለይቶ ሊያሰፍራቸው የሚገባ ሁለት ቃል ኪዳኖች

ስልክ፣ ላፕቶፕና ይህን የመሳሰለውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎች፤ ከዕቃው ፎቶግራፍ በታች «የ7 ቀን ገንዘብ ተመላሽ ዋስትና አለው» የሚል አጭር ቃል መጻፍ አዘውትረዋል። ገዥው ዕቃውን በእጁ ሳይዳስስ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚልክ በመሆኑ፤ ይህን ቃል ከዋጋው ቀጥሎ አጥብቆ ይመለከተዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከማጠሩ የተነሣ ሻጩ በልቡ ያሰበው ሌላ፣ ገዥው የተረዳው ሌላ ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ እንመልከተው።

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ስልክ በ24,000 ብር ለአንድ የሐዋሳ ገዥ ሸጠ እንበል። ገዥው ሰኞ ቀን ገንዘቡን በባንክ አስገባ፤ ስልኩም ሐሙስ ቀን ደረሰው። በተከታዩ ማክሰኞ ስልኩ ኤሌክትሪክ ተሰክቶለት የማይሞላ ሆኖ ስለ ተገኘ ገዥው ለነጋዴው ደወለ። ነጋዴውም ከተከፈለ 8 ቀን ሆኖታልና ጊዜው አልፏል አለ፤ ገዥው ደግሞ ከተረከብሁት ገና 5 ቀን ነው ሲል መለሰ። ነጋዴው ቀጥሎ ካርቶኑ ተከፍቷልና አልቀበልም አለ። በመጨረሻም ስልኩን ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ የሚያስፈልገውን 400 ብር ማን ይክፈል በሚለው ተከራከሩ። ማስታወቂያው ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አልነበረውም።

እንዲህ ያለው ዝምታ የሚጐዳው ጽሑፉን ያዘጋጀውን ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፤ አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ለሌላው ወገን በሚጠቅም አኳኋን እንዲተረጐም ያዛል። ስለዚህ «7 ቀን» የሚለው ቃል ከምን ቀን ጀምሮ እንደሚቈጠር ያልጻፈ ነጋዴ፤ ለራሱ የሚጠቅመውን አቈጣጠር ይዞ ለመከራከር አይመቸውም።

የክርክሩ ሁሉ ሥር ግን ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች በአንድ ዐረፍተ ነገር መታሰራቸው ነው። አንደኛው ዕቃው ጉድለት ሲገኝበት የሚፈጸም ሲሆን፤ ሁለተኛው ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ገዥው ሐሳቡን ሲለውጥ የሚፈጸም ነው። ሁለተኛውን ነጋዴው ደንበኛ ለመሳብ ሲል በፈቃዱ የሚሰጠው ስለ ሆነ፤ ቀኑን ሊያሳጥር፣ ማሸጊያው እንዳይከፈት ሊያዝ፣ የማመላለሻውንም ሒሳብ በገዥው ላይ ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው ግን በነጋዴው ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ ከገዛበት ቀን ጀምሮ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቷል። ይህን መለኪያ ያየ ነጋዴ ለጉድለት 7 ቀን ብቻ ብሎ ባይጽፍ ይሻለዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውም የቈየ ጽሑፍ ቢበዛ ሐሳቡን ለለወጠ ገዥ እንጂ ለተበላሸ ዕቃ መልስ አይሆንም።

«ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» የሚለው ቃል ስሕተቱ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። ስልክ መሙላቱና ድምፅ ማሰማቱ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲሞከር ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ቃል በጉድለት ላይ የጻፈ ነጋዴ በአንድ እጁ የሰጠውን ዋስትና በሌላው እጁ መልሶ ወስዶታል፤ ገዥውም ይህን ሲረዳ ማስታወቂያውን ማታለያ ነው ይለዋል። ለሐሳብ ለውጥ ግን ቃሉ ትክክል ነው፤ ማሸጊያው የተቀደደ ስልክ በአዲስ ዋጋ አይሸጥምና።

ሻጩም በበኩሉ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የተመለሰው ስልክ እርሱ የሸጠው ራሱ መሆኑን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ሲኖረው፤ ይህም *#06# ተብሎ ሲደወል በመስታወቱ ላይ ይታያል። ቁጥሩ በሽያጩ ቀን በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ በመመለሻው ቀን የሚመሳከርበት ነገር አይኖርም። ሁለተኛው የገዥው አካውንት ነው። የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ሳይወጣ የተመለሰ ስልክ፤ ውስጡ ቢደመሰስም እንኳ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ስለሚችል፤ ለሌላ ገዥ ለመሸጥ አይሆንም። ስለዚህ ገዥው አስቀድሞ አካውንቱን እንዲያወጣ መጻፍ ያስፈልጋል። ፈጽሞ የማይበራ ስልክ ግን ይህን ለማድረግ ስለማያስችል በቃሉ ውስጥ ተለይቶ መጠቀስ አለበት።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ተሰብስቦ ሲጻፍ እንደሚከተለው ይሆናል።

«1ኛ፤ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት፤ ከተረከቡበት ቀን ማግሥት ጀምሮ በሚቈጠር 15 ቀን ውስጥ ያስታውቁን። እንደ ምርጫዎ እንለውጣለን ወይም የከፈሉትን ዋጋ በሙሉ እንመልሳለን። የማመላለሻውን ሒሳብ እኛ እንከፍላለን። ካርቶኑ መከፈቱ ይህን አያስቀርም። በመውደቅ፣ ውሃ በመግባት ወይም በሌላ ባለሙያ በመፈታት የደረሰ ጉዳት ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

2ኛ፤ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ሐሳብዎን ቢለውጡ፤ ከተረከቡበት ቀን ማግሥት ጀምሮ በሚቈጠር 3 ቀን ውስጥ ማሸጊያው ሳይከፈት ቢልኩልን ዋጋውን እንመልሳለን። የማመላለሻው ሒሳብ የገዥው ነው።

3ኛ፤ ስልክ ሲመልሱ፤ የማይበራ ካልሆነ በቀር፤ አካውንትዎን አስቀድመው ያውጡ። መለያ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።

4ኛ፤ ዕቃው ከደረሰን በኋላ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መርምረን፤ ገንዘቡን በተላከበት የባንክ ሒሳብ እንመልሳለን።»

የሐዋሳው ጉዳይ በዚህ ጽሑፍ ቢመዘን ክርክር አይኖረውም። ገዥው ያስታወቀው በ5ኛው ቀን በመሆኑ በጊዜው ነው፤ ካርቶኑ መከፈቱ አያግደውም፤ 400 ብሩም የሻጩ ነው። ገዥው ቀለሙን ብቻ ጠልቶት ቢሆን ኖሮ ግን ጊዜውም አልፎበታል፣ ማሸጊያውም ተከፍቷል፤ ሻጩ አልቀበልም ለማለት በቂ ምክንያት በኖረው ነበር።

ይህን ከመለጠፉ በፊት ነጋዴው የአስመጪውን ውል መመልከት አለበት። አስመጪው የተበላሸ ስልክ የሚቀበለው በ7 ቀን ውስጥ ብቻ ከሆነ፤ ቸርቻሪው በቀሩት ቀናት የሚመለሰውን ዕቃ ኪሣራ ብቻውን ይሸከማል። እንግዲህ ወይ ከአስመጪው ጋር ቀኑ እንዲራዘም መዋዋል፣ ወይም ኪሣራውን በዋጋው ውስጥ ማስላት ይገባዋል። ስልክ ለገዥው ሳይላክ አስቀድሞ ስንት ቀን በመደብሩ እንደሚቈይም ይቈጠር፤ የአስመጪው ቀን በዚያም ጊዜ ይሮጣልና።

በመጨረሻም ሙሉው ጽሑፍ በቻናሉ ራስ ላይ ተሰክቶ ይቀመጥ፤ በየዕቃው ፎቶግራፍ ሥር ግን «ለጉድለት 15 ቀን፣ ለሐሳብ ለውጥ 3 ቀን» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ቃሉን መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ የቀድሞውን ከማረም አዲስ ጽሑፍ ከነቀኑ ማውጣት ይሻላል። ገዥው የሚጠይቀው በገዛበት ቀን በተነበበው ቃል ነውና፤ አሮጌው ጽሑፍ እንደ ነበረ ሲገኝ ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሆናል።