በመዥገር ስለሚተላለፍ የውሻ ደም በሽታ፤ የሁለቱ ምርመራዎች ውጤት ስለሚለያይበት ምክንያት

ግቢ ጠባቂ ውሻ በታመመ ጊዜ የደሙ ምርመራ ወረቀት ከወረዳው የእንስሳት ጤና ሹም እጅ ይደርሳል። በወረቀቱ ላይ አንደኛው ምርመራ «በሽታው አለ»፣ ሁለተኛው «የለም» ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ አንባቢው ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መስሎት ይቸገራል። ነገር ግን ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለምና።

ለምሳሌ የምንወስደው ኤርሊክያ ካኒስ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ የሚያመጣውን በሽታ ነው። ይህ ተሕዋስ በልማድ ከደም ጥገኞች ጋር ቢቈጠርም በዘሩ ባክቴርያ ነው፤ በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከውሻ ወደ ውሻ የሚያመላልሰው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ይህም መዥገር በውሻ ማደሪያና በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ መራባት ስለሚችል፣ ሣር በሌለበት በከተማ ግቢ እንኳ ይኖራል።

ሴሮሎጂ የሚባለው ምርመራ ተሕዋሱን ራሱን አይፈልግም። የውሻው ሰውነት ተሕዋሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ በደሙ ውኃ ውስጥ ይፈልጋል። ፒ ሲ አር የሚባለው ግን የተሕዋሱን የዘር ቅንጣት አብዝቶ ያሳያል። ሌባ የገባበትን ግቢ ብናስብ፣ ሴሮሎጂ «ዘበኛው ሌባ አይቶ ያውቃልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፒ ሲ አር ደግሞ «ሌባው አሁን በዚህ ክፍል አለን?» ይላል።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር 20 ኪሎ የሚመዝን አንድ ውሻ አለ እንበል። መዥገር ከነከሰው ከ10 ቀን በኋላ ትኵሳት ያዘው፤ መብልም ተወ። በዚያው ቀን ደሙ ሲመረመር ፒ ሲ አር ተሕዋሱን አገኘ፤ ሴሮሎጂ ግን «የለም» አለ። ምክንያቱም ሰውነት አንቲቦዲውን ሠርቶ ለምርመራ እስኪታይ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚህ ቀን ሴሮሎጂን ብቻ ያየ ሰው የታመመውን ውሻ ጤነኛ ነው ብሎ ይሰደዋል።

ሐኪሙም ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ ማለት በቀን 200 ሚሊግራም፣ ለ28 ቀን አዘዘ። መድኃኒቱ ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ሲመረመር ውጤቱ ተገላበጠ፤ ፒ ሲ አር «የለም»፣ ሴሮሎጂ «አለ» አለ። ውሻው በልቶ ወፍሯል፤ ትኵሳቱም ጠፍቷል። አንቲቦዲ ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ በደም ውስጥ ይቈያልና፣ በዚህ ወረቀት ብቻ አልዳነም ብሎ መድኃኒት መድገም ወይም ውሻውን ማስወገድ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ የፒ ሲ አር «የለም» ሁልጊዜ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። በሽታው ሥር ሲሰድ ተሕዋሱ ከደም ጥቂት ሆኖ በጣፊያ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ከክንድ የተቀዳው ደምም ላያሳየው ይችላል። ደሙ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሲቀዳም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ውሻው ከአፍንጫው ቢደማ፣ ደም የሚያረጉት ቅንጣቶችም ቢያንሱ፣ አንቲቦዲውም ከፍ ያለ ቢሆን፣ ፒ ሲ አር «የለም» ስላለ ብቻ ሕክምና አይከለከልም። የዳነውም ውሻ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይመርመር።

ፒ ሲ አር በማይገኝበት ስፍራ ሴሮሎጂን ሁለት ጊዜ ማድረግ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ደም 1 ለ 80 ድረስ ተቀጥኖ አንቲቦዲ ያሳየ እንደ ሆነና፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የተቀዳው 1 ለ 320 ከደረሰ፣ አራት እጥፍ ጨምሯልና በሽታው አሁን በሥራ ላይ ነው። ቍጥሩ ባለበት ከቆመ ግን ያለፈ ነገር ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ያው መዥገር ባቤስያ የሚባለውንም ጥገኛ ያመላልሳል። ይህ ግን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ከባክቴርያ የተለየ ፍጥረት ነው፤ ሐኪሞች ለእርሱ የሚያዙት ሌላ መድኃኒት ነው። ለኤርሊክያ የተደረገ ምርመራ «የለም» ቢል ስለ ባቤስያ ምንም አልተናገረም።

ስለዚህ ደም ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ ሹም ደሙን መድኃኒት ሳይጀመር አስቀድቶ፣ ለፒ ሲ አር እንዳይረጋ በሚያደርግ ብልቃጥ፣ በቅዝቃዜ ይላከው። በወረቀቱም ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ ደሙ የተቀዳበት ቀን፣ የተሰጠ መድኃኒትም ካለ ስሙና ቀኑ። ውጤቱ ሲመጣ እነዚህን ቀኖች አስቀድሞ ያየ አንባቢ፣ «አለ»ና «የለም» የሚጣሉ ቢመስሉትም ፍቻቸውን ያገኘዋል።