ጨለማ ውስጥ ያለው ለምን ረዘመ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቦሌ አካባቢ፣ ገርጂ ነው። የ6ኛ ክፍል ልጄ ሁለት የቦሎቄ ፍሬ ዘርቶ አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ካርቶን ውስጥ አልጋ ስር አስቀመጠ። የካርቶኑ በቁመት በለጠ! ሙከራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ችግኝ ብርሃን እስኪያገኝ ግንዱን ያስረዝማል፤ ስንቁ ዘሩ ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ግንዱ ቀጭንና ነጣ ያለ፣ ቅጠሉም ትንሽና ቢጫ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይዝላል። ስለዚህ ልጁ ከቁመቱ ሌላ የቅጠሉን ብዛትና ቀለም ይመዝግብ።

ሲደግመው በአንድ ፍሬ አይተማመን፤ ፍሬው ራሱ ደካማ ሊሆን ይችላል። ታቻቸው የተበሳ 6 የፕላስቲክ ኩባያዎች አዘጋጅቶ፣ አድሮ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ በየኩባያው ሦስት ሦስት ፍሬ ይዝራ። አልጋ ስርና መስኮት ሙቀታቸው ይለያያል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሙከራ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው መስኮት ላይ ደርድሮ፣ ሦስቱ ላይ ካርቶን ይድፋባቸው።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ውሃው ላይ ነው። የተሸፈነው ቶሎ አይደርቅም፤ እኩል ውሃ ከጠጣ ሊበሰብስ ይችላል። አፈሩን በጣት ነክቶ፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጣ። በየሁለት ቀኑ ከአፈሩ ጀምሮ በማስመሪያ ይለካ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶኑን አንስቶ ቢጫው ቅጠል በስንት ቀን አረንጓዴ እንደሚሆን ይቁጠር።