ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ለመሸጥ፦ ሳያጋንኑ ማስታወቂያ አጻጻፍ

አዲስ አበባ ውስጥ የአፓርታማ ሻጭንና ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ካሬ ሜትሩ ነው። ቀለም፣ ቁም ሣጥን፣ የወለል ንጣፍ በዓይን ይታያል። ካሬው ግን የሚታመነው ወረቀት ላይ በተጻፈው ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚናገረው ስለ ቤቱ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያውን ከመጻፍዎ በፊት ቤቱን ይለኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ አልሚዎች አፓርታማ የሚሸጡት በጠቅላላ ስፋት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የግድግዳው ውፍረት አለ፤ ከደረጃው፣ ከሊፍቱና ከመተላለፊያው ለቤትዎ የተመደበው ድርሻም ተደምሯል። ውሉ 90 ካሬ ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ እግርዎ የሚረግጠው ግን 90 አይደለም። እኔ ይህን ያወቅሁት የዘመድ ቤት ሳሻሽጥ ነው። ገዢው በዋጋው ተስማምቶ ቀብድ ሊከፍል ሲል አብሮት የመጣው ወንድሙ ሜትር አውጥቶ ሳሎኑን ለካ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ የተናገርነውን ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ፤ እውነት የሆነውንም ጭምር።

ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በውስጥ በኩል ይለኩ። ቁም ሣጥን ካለ ከኋላው ያለው ግድግዳ ድረስ ይለካል። ሥራውን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሳሎን 5 በ4.6 ሜትር፣ 23 ካሬ። ማዕድ ቤት 3 በ2.5፣ 7.5። ዋናው መኝታ 4 በ3.6፣ 14.4። ሁለተኛው መኝታ 3.5 በ3፣ 10.5። ሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች አንድ ላይ 7። ኮሪደር 5.4፣ በረንዳ 4.2። ድምሩ 72 ካሬ ይመጣል። ውሉ 90 ይላል፤ ልዩነቱ 18 ካሬ፣ ማለትም ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ነው።

አሁን ዋጋውን ይመልከቱ። ቤቱን 9 ሚሊዮን ብር ብለው ከሆነ ገዢው በ90 ሲያካፍለው በካሬ 100,000 ብር ይመጣለታል። በ72 ሲያካፍለው ግን 125,000 ይሆናል። ይህን ስሌት ቤትዎ መጥቶ ከሚያገኘው ማስታወቂያው ላይ ቢያየው ይሻላል። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያስፍሩ፦ «ውል ላይ 90 ካሬ፣ ውስጡ በረንዳውን ጨምሮ 72 ካሬ»። ከ72 ካሬ በላይ የሚፈልገው ሳይደውል ይቀራል፤ የሚደውለው ቁጥሩን አውቆ የመጣ ነው። 90 ብቻ የጻፈው ጎረቤት ቤት ርካሽ መስሎ ይታያል ብለው ከሰጉ የክፍሎቹን ልክ ይጨምሩ። ሜትር ያየ ገዢ ከጎረቤቱም ሜትር መጠየቁ አይቀርም።

ፎቁን፣ አቅጣጫውንና የመታጠቢያ ቤቱን ቁጥር በአንድ መስመር ይጨርሱ።

ቀጥሎ ውኃና መብራት። እዚህ ላይ «ሙሉ አገልግሎት ያለው» የሚለውን አባባል ይተዉት፤ ለገዢው የሚነግረው ነገር የለም። «ጀነሬተር አለው» ማለትም አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ የሚያንቀሳቅሰው ሊፍቱንና የውኃ ፓምፑን ብቻ ነው ወይስ ቤቱ ውስጥም መብራት ይሰጣል? ነዳጁስ ከወርሃዊው የጋራ መዋጮ ነው ወይስ ለብቻው ይሰበሰባል? ውኃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና የሕንፃው ማጠራቀሚያ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያደርስ እንደሆነ ይጻፉ። ግፊቱን ለማወቅ ነዋሪው ሁሉ ልብስ በሚያጥብበት ቅዳሜ ጠዋት ሻወሩን ከፍተው ይዩ። ማክሰኞ ከሰዓት ያዩት ግፊት ያሳስትዎታል። የመብራት ቆጣሪው የግል ወይም የጋራ መሆኑም ይጻፍ።

ስለ አካባቢው ሲጽፉ በመኪና የሚባል ደቂቃ አያስፍሩ። «ከቦሌ 10 ደቂቃ» የሚሆነው እሑድ ማለዳ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ግን ያው መንገድ ሌላ ነው። በእግር የሚሄዱበትን ይለኩ፦ እስከ ታክሲ ማቆሚያ፣ እስከ ባቡር ጣቢያ፣ እስከ አስፋልት። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ኮረኮንች ይበሉ፤ ገዢው በመኪናው መምጣቱ አይቀርም።

ጉድለት ካለ እርስዎ ይቅደሙ፤ ግን በልኩ። «አንዳንድ ጥገና ያስፈልገዋል» ከተባለ አንባቢው የከፋውን ያስባል። «የሁለተኛው መኝታ ጣሪያ ጥግ ላይ የእርጥበት ምልክት አለ፤ ከላይኛው ቤት የሚፈሰው ቧንቧ ተጠግኗል፣ ቀለሙ አልተቀባም» ሲባል ግን የችግሩ ስፋትም መንስኤም ይታወቃል። ያልተጠገነ ከሆነ ያልተጠገነ ይበሉ። ፎቶውንም ያያይዙ።

ፎቶ ሲያነሱ የስልክዎን ሰፊ ሌንስ፣ 0.5 የሚለውን፣ አይጠቀሙ። ክፍሉን ይለጥጠዋል፤ ሰው በአካል ሲመጣ ቤቱ የጠበበ ይመስለዋል። በ1 ያንሱ፣ በር ላይ ቆመው፣ መጋረጃው ተከፍቶ። እኔ ከመስኮት የሚታየውንም ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ ፊት ለፊት የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ቢሆን እንኳ።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ ዝም አይበሉ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የባንክ እዳ ካለ ቀሪው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ይጻፉ። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ማለፉን ይግለጹ። የስም ማዛወሪያ ወጪው የማን እንደሆነም ከአሁኑ ይወሰን።

«የቅንጦት»፣ «ልዩ»፣ «እንዳያመልጥዎ» የሚሉትን ሁሉ ያውጡ። በምሳሌያችን ቤት የሚቀረው ይህን ይመስላል፦

«ለሽያጭ፦ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ አያት፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ሊፍት አለው። ውል ላይ 90 ካሬ፣ ውስጡ በረንዳውን ጨምሮ 72 ካሬ። ሳሎን 5 በ4.6፤ ዋና መኝታ 4 በ3.6፣ የራሱ ሻወር ያለው፤ ሁለተኛ መኝታ 3.5 በ3። የጠዋት ፀሐይ ሳሎን ይገባል። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ የሕንፃው ማጠራቀሚያ ያደርሳል። ጀነሬተሩ ለሊፍትና ለፓምፕ ብቻ ነው። የግል ቆጣሪ፤ አንድ የመኪና ማቆሚያ። ባቡር ጣቢያ በእግር 12 ደቂቃ፤ የመጨረሻው 200 ሜትር ኮረኮንች ነው። ሁለተኛው መኝታ ጣሪያ ላይ የእርጥበት ምልክት አለ (ፎቶ 7)፤ ቧንቧው ተጠግኗል። ካርታ በሻጭ ስም፣ የባንክ እዳ የለበትም። 9 ሚሊዮን ብር፣ መጠነኛ ድርድር አለው። የስም ማዛወሪያ በገዢ።»

ቤቱን በደላላ የሚሸጡ ከሆነ ይህንኑ ጽሑፍ እንዳለ ይስጡት፤ 72 የሚለውን ቆርጦ 90ን ብቻ እንዳይለጥፍ አስቀድመው ይስማሙ። ከተለጠፈ በኋላም ራስዎ ፈልገው ያንብቡት፤ ተቀንሶ ካገኙት በዚያው ቀን እንዲያስተካክለው ይጠይቁ። ሁለት ደዋዮች አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቁዎት ደግሞ መልሱ ማስታወቂያው ላይ ጎድሏልና ይጨምሩት።