ጉማራ ሲሸሽ፦ የመስኖ ፓምፕ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፍ?

ወረታ ላይ የመስኖ ፓምፕ የምትሸጡ ወይም ለሻጭ ማስታወቂያ የምትጽፉ ከሆነ «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ለጊዜው አስቀምጡት። ሁሉም ሱቅ ስለሚለው ገበሬው አይሰማውም። ከዚያ ይልቅ አንድ ማለዳ ተርኩለት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የካቲት ነው። ጎሕ ሲቀድ ገበሬው ልጁን አስከትሎ ወደ ጉማራ ወረደ። ሽንኩርቱ ኮረት መያዝ ጀምሯል፤ አሁን ውሃ ሊጠማው አይገባም። ትናንት ማታ ሞተሩ ቢነሣም ፓምፑ ውሃ አልሰጠም ነበር።

‹አባዬ፣ ተበላሸ እንዴ?›

‹አልተበላሸም ልጄ፤ ወንዙ ነው የሸሸው።›

ተጋግዘው ፓምፑን ወደ ውሃው አወረዱት። ልጁ በጣሳ እየቀዳ ሞላው። አባት የመምጠጫውን ቱቦ ፋሸታ አጠበቀና የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ቱቦው ተወጠረ፤ ውሃው ቦዩን ይዞ ሄደ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለውን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

‹ሦስተኛ በጋው፤ እስካሁን ጠብ አላለም› አለ።

ኢምፔለሩ ብረት ነው። ሲሉና ጓርኒሲዮኑ ወረታ ሱቃችን አለ። ከውሃው ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አድርገው አይትከሉት።»

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥንካሬውን የሚናገረው ደረቁ መዳፍ ነው። ሞተሩና ፓምፑ በሚገናኙበት ዘንግ ላይ ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ሲል ነው። ሲሉን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ነው። ፓምፑ ባዶውን ከዞረ ሲሉ ግሎ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ከዘንጉ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ፓምፕ የያዘ ገበሬ ይህን ጠብታ ያውቀዋል። ስለዚህ «ደረቅ ነው» የሚለውን ሲሰማ ምን እንደተባለ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ልጁ በጣሳ ውሃ የሞላውም፣ አባትየው ፋሸታውን ያጠበቀውም ለዚሁ ነው። በላላ ፋሸታ በኩል አየር ከገባ ፓምፑ ውሃ መሳብ ያቆምና ባዶውን ይዞራል።

ችግሩን የካቲት ላይ ያስቀመጥነውም በምክንያት ነው። ኅዳር ላይ ወንዙ ለዳር ቅርብ ስለሆነ ፓምፑ ያለ ችግር ይሠራል። ውሃው እየወረደ ሲሄድ ግን የመሳቢያው ከፍታ ይጨምራል። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚያመጣው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከውጭ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው ውሃውን ወደ ቱቦው የሚገፋው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ቢልም ፎገራ ላይ ይህን አትመኑ። 5 ሜትርን ወሰን ማድረግ ይሻላል። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድና የመግፊያውን ቱቦ ማስረዘም ነው፤ መግፋት ከመሳብ ይልቅ ይቀለዋልና። ይህን ያልተነገረው ገዢ የካቲት ላይ «የሸጣችሁልኝ ብልሹ ነው» ብሎ ይመለሳል።

ብዙ ሻጭ ወሰን መናገር ገዢ ያሸሻል ብሎ ይፈራል። እኔ ግን የ5 ሜትሯ ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው ሁሉ የምታሳምነዋ ናት እላለሁ። ፓምፑ የማይችለውን የነገረው ሻጭ ስለሚችለው ሲናገርም ገበሬው ያምነዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ሦስተኛ በጋው» ያልነው በእውነት ሦስት በጋ የሠራበት ደንበኛ ካላችሁ ብቻ ነው። ፓምፑ ለገበያ አዲስ ከሆነ ያንን ዓረፍተ ነገር አውጡና የዋስትናውን ጊዜ በቁጥር ጻፉ። ኢምፔለሩም ብረት ካልሆነ ብረት አትበሉት፤ የጉማራ ደለል በአንድ በጋ ያጋልጣችኋል። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የተከለከለ ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ፓምፕ ላለው ገበሬ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ የሳቀበትን ቦታ አስተካክሉ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መደርደሪያችሁን እዩ፤ «ሱቃችን አለ» ያላችሁት ሲል እዚያ መኖር አለበት።